ደንገሉን የሚሸከመው ውኃ

ጣና ሐይቅ ላይ የደንገል ታንኳ ዛሬም ይቀዘፋል። ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። አገዳው ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ፣ በአየር የተሞላ ነው። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን አጭዶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ይጠቀልልና አጥብቆ ያስረዋል። እንዲህ የተሠራው ታንኳ እንደ ብረት ጀልባ ውኃ የማያስገባ ግድግዳ የለውም። ውኃው በነዶዎቹ መካከል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ያም ሆኖ ቀዛፊውንና ማገዶውን ተሸክሞ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከጉዞ መልስ ቀዛፊው ታንኳውን ወደ ደረቅ መሬት ጎትቶ ያወጣዋል፤ የጠጣው ውኃ ተንጠፍጥፎ እንዲደርቅ ነው። ውኃው ላይ ቢተወው እየዋለ እያደረ ዝቅ ዝቅ ማለቱ አይቀርም።

ከዚህ አንድ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጥያቄ ይወጣል። ጭነቱን የሚሸከመው ምንድን ነው? ታንኳው ስንት ኪሎ ቢጫን ነው የሚሰምጠው? ውኃ ሲጠጣ ለምን ዝቅ ይላል? መልሱ ያለው በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተለያይተው በሚቀርቡ ሦስት ርዕሶች ነው፦ እፍግታ፣ የፈሳሽ ግፊት፣ መንሳፈፍና መስመጥ። ተማሪው ለእያንዳንዱ አንድ ቀመር ይሸመድድና ፈተና ላይ የትኛውን እንደሚጠቀም ይጨነቃል። በእኔ እምነት ተማሪውን የሚጎዳው ይህ መለያየት ነው። ሦስቱ የአንድ ሐሳብ ሦስት እርምጃዎች ናቸው። እፍግታ የፈሳሹን ግፊት ይወስናል፤ ግፊቱ ከላይና ከታች ስለሚለያይ ዕቃውን ወደ ላይ የሚገፋ ጉልበት ይፈጠራል፤ ይህ ጉልበት ከዕቃው ክብደት ጋር ሲወዳደር መንሳፈፍ ወይም መስመጥ ይመጣል። ይህን ክር የያዘ ተማሪ ቀመር ቢጠፋበት እንኳ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

እፍግታ

እፍግታ ማለት በአንድ በተወሰነ ቦታ ውስጥ ምን ያህል ቁስ እንዳለ የሚነግረን መጠን ነው። የዕቃውን መጠነ ቁስ ለይዘቱ እናካፍላለን። በምልክት ሲጻፍ ρ = m ÷ V ነው። ገበያ ላይ ክብደት ብለን በኪሎ የምንናገረው በፊዚክስ መጠነ ቁስ ይባላል፤ ክብደት የሚባለው ደግሞ መሬት ዕቃውን የምትስብበት ጉልበት ሲሆን መለኪያው ኒውተን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ መሬት ላይ 10 ኒውተን ያህል ይከብዳል። ትክክለኛው ቁጥር 9.8 ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ፈተናው 10 ተጠቀሙ ይላል። እዚህም 10 እንጠቀማለን።

የንጹሕ ውኃ እፍግታ በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 1 ግራም ነው። ይህንኑ በኩብ ሜትር ስንናገረው 1,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በግራም የተሰጠውን በ1,000 ማባዛት ብቻ ነው። ከዚህ ምዕራፍ በፈተና ላይ የሚጠፋው ነጥብ በአብዛኛው የሚጠፋው እዚህች ጋ ነው። ተማሪው የብረትን እፍግታ 7.9 ብሎ በግራም ይይዝና ግፊት ወይም ጉልበት ሊያሰላ ሲሄድ ሳይለውጠው ያስገባዋል፤ መልሱም አንድ ሺህ ጊዜ ያንሳል። ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ወደ ኪሎ ግራም፣ ሜትርና ኩብ ሜትር መለወጥ ይህን ስሕተት ከሥሩ ይነቅለዋል።

ቅርጹ ያልተስተካከለ ዕቃ ይዘቱ በማስመሪያ አይለካም። አንድ ድንጋይ ውሰዱ። በሚዛን 540 ግራም መዘነ። 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ባለበት መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ በክር አስራችሁ ቀስ ብላችሁ ስታወርዱት ውኃው ወደ 500 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። ውኃው ከፍ ያለው ድንጋዩ ቦታውን ስለያዘበት ነውና የድንጋዩ ይዘት 500 ሲቀነስ 300፣ ማለትም 200 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው። እፍግታው 540 ሲካፈል ለ200፣ በኩብ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም፣ ወይም በኩብ ሜትር 2,700 ኪሎ ግራም ይሆናል። የውኃው ከፍታ መነበብ ያለበት ዓይንን ከውኃው ወለል እኩል አድርጎ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ያየ ሰው የተሳሳተ መስመር ያነባል። ድንጋዩ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀም የአረፋው ይዘት በድንጋዩ ላይ ይደመርና እፍግታው ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ይህን ድንጋይ አስቀምጡት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ግፊት ጥልቀትን እንጂ ስፋትን አያይም

በውኃ ውስጥ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን ውኃ እየበዛ ይሄዳል። ግፊት ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት ላይ የሚያርፍ ጉልበት ነው፤ መለኪያው ፓስካል ይባላል። አንድ ካሬ ሜትር የሆነ ወለል በሐሳባችሁ ሣሉ፤ ከላዩ h ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ቆሟል። የውኃው ይዘት h ኩብ ሜትር ነው። መጠነ ቁሱ እፍግታው ሲባዛ በ h ነው። ክብደቱ ደግሞ ያ ቁጥር ሲባዛ በ10 ነው። ይህን ክብደት የተሸከመው አንድ ካሬ ሜትር ስለሆነ ግፊቱ ያው ነው፦ P = ρ × g × h። ቀመሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ በውስጡ ያሉት የፈሳሹ እፍግታ፣ የመሬት ስበትና ጥልቀት ብቻ ናቸው።

የዕቃው ስፋት በቀመሩ ውስጥ እንደሌለ ልብ በሉ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሰፊ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ወለል ላይ ውኃው የሚያሳርፈው ግፊት 1,000 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ15፣ ማለትም 150,000 ፓስካል ያህል ነው። በአንጻሩ 60 ሜትር ውኃ የቆመበት ጠባብ ጉድጓድ ወለሉ ላይ 600,000 ፓስካል ግፊት አለ። አንድ ሰው የማያስገባው ጉድጓድ ከመላው ጣና አራት እጥፍ ይጫናል። ሰፊ ውኃ ብዙ ይጫናል የሚለው ግምት ለሁላችንም ቀድሞ የሚመጣ ነውና ፈታኞች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ስፋታቸው የተለያየ፣ የውኃቸው ከፍታ እኩል የሆነ ሦስት ዕቃዎች ይሥሉና የየትኛው ወለል ላይ ግፊቱ ይበልጣል ይላሉ። መልሱ እኩል ነው የሚል ነው።

ቤታቸው ጣሪያ ላይ ሮቶ ያስቀመጡ ሰዎች ይህን በየቀኑ ያዩታል። በሮቶው ውስጥ ያለው የውኃ ወለል ከቧንቧው አፍ በ6 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ቧንቧው ሲዘጋ አፉ ላይ ያለው የውኃ ግፊት 1,000 × 10 × 6 = 60,000 ፓስካል ነው። የቧንቧው አፍ ስፋት 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ማለትም 0.0002 ካሬ ሜትር፣ ውኃው መዝጊያውን የሚገፋበት ጉልበት 60,000 × 0.0002 = 12 ኒውተን ነው። የ500 ሊትሩን ሮቶ አንሥተን በ2,000 ሊትር ብንተካው ውኃው ቶሎ አያልቅብንም እንጂ የወለሉ ከፍታ እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱ አይጨምርም። ውኃ በቀጭኑ የሚንጠባጠብበት ሰው ሮቶውን ከፍ ማድረግ ነው የሚበጀው፤ ቧንቧው በዝገት ጠቦ ከሆነ ደግሞ ከፍታም አይረዳውም።

እስካሁን ያሰላነው የውኃውን ግፊት ብቻ ነው። ከውኃው በላይ አየር አለ፤ አየሩም ይጫናል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 100,000 ፓስካል ያህል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች እዚያ ወደ 82,000 ይወርዳል። ጥያቄው ጠቅላላ ግፊት ካለ የአየሩን መደመር፣ የውኃው ግፊት ካለ አለመደመር ነው። ስንት እንደምትደምሩ ጥያቄው ራሱ ይሰጣችኋል።

ስለ ግፊት በየመጻሕፍቱ አንድ ሥዕል አለ። ጠርሙስ ጎኑ ላይ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተበስቷል፤ የታችኛው ውኃ ከሁሉም ርቆ ሲወድቅ ይታያል። ግፊቱ ከታች ስለሚበዛ ውኃው ከታች በፈጠነ ኃይል መውጣቱ እውነት ነው። ሥዕሉ ግን ጠርሙሱ በምን ላይ እንደቆመ ካልነገረን ያሳስታል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ወስዳችሁ ከወለሉ 7፣ 14 እና 21 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በምስማር ብሱት። መሬት ላይ አቁሙትና ውኃውን 28 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እያሟላችሁ ተመልከቱ። ርቆ የሚወድቀው የመካከለኛው ነው፤ ስሌቱ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል። የላይኛውና የታችኛው ደግሞ ሁለቱም ወደ 24 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። በቀዳዳው ሰበቃ የተነሣ በተግባር ሁሉም ትንሽ ያጥራሉ። የታችኛው ፈጥኖ ይወጣል፤ ነገር ግን መሬቱ ቅርብ ስለሆነበት ሩቅ ሳይሄድ ያርፋል። ያንኑ ጠርሙስ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ውኃው ወለል ላይ እንዲወድቅ ብትተዉት የታችኛው ከሁሉም ይርቃል፣ ሥዕሉም ትክክል ይሆናል። የትኛው ውኃ ፈጥኖ ይወጣል የሚለውና የትኛው ርቆ ይወድቃል የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው።

ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ውኃ ውስጥ ገብቷል። የላይኛው ፊቱ ከውኃው ወለል 20 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው ፊቱ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ውኃ ዕቃን ከላይ ብቻ አይጫንም፤ ከጎንም፣ ከታችም ይገፋል። የጎኖቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ከላይ ያለው ግፊት 1,000 × 10 × 0.2 = 2,000 ፓስካል፣ ከታች ያለው 1,000 × 10 × 0.3 = 3,000 ፓስካል ነው። የእያንዳንዱ ፊት ስፋት 0.01 ካሬ ሜትር ስለሆነ ውኃው ኩቡን በ20 ኒውተን ወደ ታች፣ በ30 ኒውተን ወደ ላይ ይገፋዋል። ልዩነቱ ወደ ላይ 10 ኒውተን ነው። ሽቅብ ገፊ ጉልበት የሚባለው ይህ ልዩነት ነው።

ይህን ቁጥር ከሌላ ነገር ጋር እናስተያየው። የኩቡ ይዘት 1,000 ኩብ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሊትር ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ነው፤ ክብደቱም 10 ኒውተን። ሽቅብ ገፊው ጉልበት ኩቡ ቦታውን ከያዘበት ውኃ ክብደት ጋር እኩል ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን በሲራኩስ የኖረው አርኪሜድስ የደረሰበት ሕግ ይህ ነው። በቀመር ሽቅብ ገፊ ጉልበት = የፈሳሹ እፍግታ × 10 × ውኃ ውስጥ የገባው ይዘት ነው። የምንጠቀመው የፈሳሹን እፍግታ ነው፣ የዕቃውን አይደለም፤ የምናስገባውም ይዘት ውኃ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ መልሱ ይጠፋበታል።

ያንኑ ኩብ ወደ 5 ሜትር ጥልቀት ብናወርደውስ? ከላይ 50,000፣ ከታች 51,000 ፓስካል ይሆናል። ጉልበቶቹ 500 እና 510 ኒውተን ናቸው፤ ልዩነታቸው አሁንም 10። ግፊቱ በየጥልቀቱ ይጨምራል፣ ሽቅብ ገፊው ጉልበት ግን አይጨምርም። ምርጫ ጥያቄ ላይ ጥልቀቱ ሲጨምር ሽቅብ ገፊው ጉልበት ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙዎች ይጨምራል ብለው ይመልሳሉ፤ ግፊትንና የግፊትን ልዩነት ስላልለዩ ነው።

ጉልበቱ ከግፊት ልዩነት መምጣቱን ያወቀ ሰው ሕጉ የሚቆምበትንም ያውቃል። ዕቃው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከሥሩ ውኃ ጨርሶ ካልገባ ከታች የሚገፋው የለም፤ ከላይ ያለው ውኃ ግን መጫኑን አይተውም። ጭቃ ላይ የተጣበቀ ጀልባ ለማስነሣት ከጠበቅነው በላይ ጉልበት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎች ጎኑን እየነቀነቁ ሥሩ ውኃ እንዲገባ የሚያደርጉት ትክክለኛ ዘዴ ነው።

ጉልበቱን በእጅ ለመሰማት ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ጀሪካኑ 1 ኪሎ ቢሆን ክብደቱ 10 ኒውተን ነው። ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ሲገባ 20 ሊትር ውኃ ይገፋል፤ ሽቅብ ገፊው 200 ኒውተን ይሆናል። ስለዚህ ከውኃ በታች ለመያዝ በ190 ኒውተን ወደ ታች መጫን አለብን፤ 19 ኪሎ ከማንሣት ጋር አንድ ነው። የሞከረ ሁሉ እንደሚያውቀው መጀመሪያ ቀላል ነው፣ ጀሪካኑ እየገባ በሄደ ቁጥር ግን እየከበደ ይመጣል፤ የተገፋው ውኃ እየበዛ ነውና። ሙሉ ከገባ በኋላ ደግሞ ወደ ታች ቢወስዱትም ከዚያ በላይ አይከብድም።

መንሳፈፍና መስመጥ

አሁን የሚቀረው ማወዳደር ብቻ ነው። ያ አንድ ሊትር ኩብ ከብረት ከሆነ መጠነ ቁሱ 7.9 ኪሎ፣ ክብደቱ 79 ኒውተን ነው። ውኃው ሊሰጠው የሚችለው 10 ኒውተን ብቻ ስለሆነ ይሰምጣል። ከደረቅ እንጨት ሆኖ 0.6 ኪሎ ቢመዝን ክብደቱ 6 ኒውተን ነው። ሙሉ ከገባ 10 ኒውተን ስለሚገፋው ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጣቱ የሚያቆመው የተገፋው ውኃ 6 ኒውተን ሲሆን ነው። ያ ደግሞ ከይዘቱ 60 በመቶው ውኃ ውስጥ ሲሆን ይፈጸማል። የእንጨቱ እፍግታ 600፣ የውኃው 1,000 ነው፤ 600 ሲካፈል ለ1,000 ራሱ 0.6 ይሰጣል። ለሚንሳፈፍ ዕቃ ውኃ ውስጥ ያለው ክፍል ምንጊዜም የዕቃው እፍግታ ሲካፈል ለፈሳሹ እፍግታ ነው። የበረዶ እፍግታ 917 ስለሆነ ከበረዶ ግግር ከላይ የምናየው ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ነው።

ፈሳሹ ሲለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። ሳንባው አየር የሞላ ሰው እፍግታው ከውኃ ጥቂት ያንሳል፤ 985 ብለን እንውሰድ። እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውኃ ላይ 98.5 በመቶው ውኃ ውስጥ ይሆናል፤ ሳይንቀሳቀስ ቢተኛ ከላይ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ አየሩን ካስወጣም ሊሰምጥ ይችላል። የሙት ባሕር ውኃ በጨው ብዛት እፍግታው 1,240 ያህል ነው። እዚያ 985 ሲካፈል ለ1,240 ወደ 79 በመቶ ይሆናል፤ ዋና የማያውቀውም ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ ይንሳፈፋል።

የብረት መርከብ የሚንሳፈፈው ደግሞ ቅርፊቱ ውስጥ አየር ስላለ ነው። የምናወዳድረው የብረቱንና የአየሩን አማካይ እፍግታ ነው። ቅርፊቱ ተቀዶ ውኃ የአየሩን ቦታ ከያዘ ይሰምጣል።

አሁን የታንኳውን ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተመረጡ ናቸው። የደንገሉ ነዶዎች ይዘት በአጠቃላይ 0.8 ኩብ ሜትር ነው፤ በነዶዎቹ መካከል የሚመላለሰው ውኃ አይቆጠርም፣ የታንኳው አካል አይደለምና። ደረቁ ታንኳ 160 ኪሎ ይመዝናል። ቀዛፊው 60 ኪሎ ነው፣ ማገዶው 180 ኪሎ። ከታንኳው ይዘት ስንት እጁ ውኃ ውስጥ ይሆናል?

ታንኳው እስከተንሳፈፈ ድረስ ሽቅብ ገፊው ጉልበት ከጠቅላላው ክብደት ጋር እኩል ነው። ጠቅላላው መጠነ ቁስ 160፣ 60 እና 180 ሲደመሩ 400 ኪሎ ነው፤ ክብደቱ 4,000 ኒውተን። ስለዚህ የተገፋው ውኃ 400 ኪሎ፣ ይዘቱም 0.4 ኩብ ሜትር መሆን አለበት። 0.4 ሲካፈል ለ0.8 ግማሽ ነው። ታንኳው እስከ ግማሹ ገብቷል።

ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ውሎ በአገዳው ቀዳዳዎች 120 ሊትር ውኃ ቢጠጣስ? አገዳው ውጫዊ ይዘቱን አልለወጠም፤ ውኃው የገባው አየሩ በነበረበት ቦታ ነው። መጠነ ቁሱ ግን በ120 ኪሎ ጨመረ። አሁን ጠቅላላው 520 ኪሎ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚገባው 0.52 ኩብ ሜትር፣ ማለትም 65 በመቶ። ጭነት ሳይጨመርበት ዝቅ አለ። የመሸከም አቅሙንም እንመልከት። ነዶው በሙሉ ቢገባ የሚገፋው ውኃ 800 ኪሎ ነው። ደረቁ ታንኳ ከዚህ ላይ የራሱን 160 ስንቀንስ 640 ኪሎ ይችላል፤ የራሰው 280 ስለሚመዝን የሚችለው 520 ብቻ ነው። ይህ ታንኳው ከውኃው ወለል እኩል የሚሆንበት ጫፍ ነው፤ ማዕበል ባለበት ሐይቅ ላይ ማንም እስከዚህ አይጭንም። አየሩ በሙሉ በውኃ ቢተካ ደግሞ ባዶው ታንኳም አይተርፍም፤ የአገዳው ጠጣር አካል ብቻውን በኩብ ሴንቲ ሜትር 1.5 ግራም ያህል ነውና ከውኃ ይከብዳል። ደንገልን የሚያንሳፍፈው በውስጡ የያዘው አየር ነው።

ድንጋዩና የስፕሪንግ ሚዛኑ

ያስቀመጥነውን ድንጋይ እናምጣው። 540 ግራም ስለሆነ በአየር ላይ በስፕሪንግ ሚዛን ሲንጠለጠል 5.4 ኒውተን ያሳያል። እንደተንጠለጠለ የዕቃውን ወለል ሳይነካ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሚዛኑ ስንት ያሳያል? ይዘቱ 200 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነው፤ በኩብ ሜትር 0.0002። ሽቅብ ገፊው ጉልበት 1,000 × 10 × 0.0002 = 2 ኒውተን ነው። ሚዛኑ 5.4 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 3.4 ኒውተን ያሳያል። ድንጋዩ ወለሉን ከነካ ወለሉም ስለሚሸከመው ንባቡ ከዚህ ያንሳል፤ ሙከራውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ይህ ነው።

ፈተናው ይህን ገልብጦ ሊጠይቅ ይችላል። ድንጋዩ በአየር 5.4፣ በውኃ 3.4 ኒውተን መዘነ፤ እፍግታው ስንት ነው? ይዘት አልተሰጠም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ። የጠፋው 2 ኒውተን የተገፋው ውኃ ክብደት ነው። ድንጋዩና የተገፋው ውኃ ይዘታቸው እኩል ስለሆነ የክብደታቸው ንጽጽር የእፍግታቸው ንጽጽር ነው። 5.4 ሲካፈል ለ2፣ 2.7 ነው። ድንጋዩ ከውኃ 2.7 እጥፍ ያፈገ ነው፤ እፍግታው በኩብ ሜትር 2,700 ኪሎ ግራም። መጀመሪያ በመለኪያ ሲሊንደር ያገኘነው ቁጥር ራሱ ነው።

በዚሁ ድንጋይ የማናውቀውን ፈሳሽ መመርመርም ይቻላል። ነጭ ጋዝ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 3.8 ኒውተን አሳየ እንበል። የጠፋው 5.4 ሲቀነስ 3.8፣ 1.6 ኒውተን ነው። ውኃው 2 ኒውተን ሲቀንስለት ነጭ ጋዙ 1.6 ቀነሰለት፤ የተገፋው ይዘት በሁለቱም አንድ ነው። ስለዚህ የነጭ ጋዙ እፍግታ ከውኃው 1.6 ሲካፈል ለ2፣ 0.8 እጅ ነው፤ በኩብ ሜትር 800 ኪሎ ግራም። ሻጩ ውኃ ቀላቅሎ ቢሆን ይህ ሙከራ አያጋልጠውም፤ ውኃው ከነጭ ጋዙ ጋር ስለማይዋሐድ ከሥር ይዘቅጣል፣ ድንጋዩም ከላይ በንጹሑ ጋዝ ውስጥ ተንጠልጥሎ ያንኑ 3.8 ያሳያል። እንዲህ ያለውን ለማወቅ ጋዙን በብርጭቆ ቀድቶ ጥቂት ካቆዩ በኋላ ከታች የተለየ መስመር መኖሩን ማየት ነው።